እንዴት ይሠራል? የተቃጠለው ነጠላና ጨለማ የዋጠው ፊት

ከሁለት ሳምንት በፊት እሑድ ታናሽ እህቴ ላፕቶፗን ይዛ መጣችና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፈተችው። እናታችን ቡና ስታፈላ ያነሳቻት ፎቶ ነው። በግራ በኩል መስኮት አለ፤ የረፋዱ ፀሐይ በስሱ መጋረጃ አልፎ ትከሻዋ ላይ የጣለችውን ነጠላ ያበራዋል። ወደ ጀበናው ስላጎነበሰች ግን ፊቷ ጥላ ውስጥ ነው፤ ከረከቦቱ በታችማ ጨለማ ብቻ ነው።

እህቴ ይህን ለማስተካከል ሁለት ነገር አድርጋለች። Highlights የሚለውን ማንሸራተቻ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ Shadows የሚለውን ደግሞ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ወስዳዋለች። ነጠላው ሳይታጠብ የከረመ ጨርቅ መሰለ። የእናታችን ጠይም ፊት አመድ እንደነካው ገረጣ። ከረከቦቱ በታች ሐምራዊና አረንጓዴ ነጠብጣብ ተነሰነሰ። ምስሉ ሲታይ ጎላ ያለም ጠለቅ ያለም ነገር የለውም፤ ሁሉም አንድ ደረጃ ላይ ተኝቷል።

«ብርሃኑንም አወረድኩት፣ ጥላውንም አነሳሁት፤ ታዲያ ለምን ሞተ?» አለችኝ።

መልሱን ለማግኘት ካሜራው ውስጥ ምን እንደሚፈጸም ማየት ነበረብን። ክረምት ሲገባ ግቢ ውስጥ ጣሳ ደርድሮ ዝናብ የሚያጠራቅም ሰው አስቡ። የካሜራ ሴንሰር እንደዚያ ያለ የጣሳ ድርድር ነው፤ 24 ሜጋፒክስል የሚባለው 24 ሚሊዮን ያህል ጣሳ አለው። መዝጊያው ሲከፈት ብርሃን እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ጣሳ የደረሰውን ጠብታ ያጠራቅማል፤ መዝጊያው ሲዘጋ ካሜራው የየጣሳውን መጠን ለክቶ ይጽፋል። ጠብታዎቹ ፎቶን የሚባሉት የብርሃን ቅንጣቶች ናቸው።

ጣሳ ከሞላ በኋላ የሚወርደው ውኃ ፈስሶ ይቀራል። ሁለት ሙሉ ጣሳዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ አንዱ ጥቂት ሌላው ብዙ ፈስሶት ቢሆንም፣ ስንለካቸው እኩል ናቸው። የነጠላ እጥፋት ለዓይን የሚታየው ከእጥፋቱ ጀርባና ከእጥፋቱ ጎድጓዳ የሚመጣው ብርሃን ስለሚበላለጥ ነው። ሁለቱም ጣሳቸውን ሞልተው ካፈሰሱ መበላለጡ ጠፋ፤ እጥፋቱም አብሮት ጠፋ። ፎቶ ቤት ውስጥ «ነጩ ተቃጥሏል» የምንለው ይህንን ነው።

በጨለማው በኩል ያለው ችግር ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ የፈሰሰ ነገር የለም፤ ችግሩ ዝናቡ ካፊያ መሆኑ ነው። ዶፍ ሲወርድ ጎን ለጎን ያሉ ጣሳዎች እኩል ለእኩል ይሞላሉ። በካፊያ ጊዜ ግን ለአንዱ ሦስት ጠብታ፣ ለጎረቤቱ ሰባት ሊደርሰው ይችላል፤ ሁለቱም ከአንድ ሰማይ በታች እያሉ። ፎቶው ላይ ይህ ሲታይ አንድ ወጥ መሆን የነበረበት ጥቁር ቦታ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ኖይዝ የሚባለው በአብዛኛው ይኸው ነው። ካሜራው ሲለካ የሚጨምራት ጥቂት ስህተት አለች፤ እሷም የምትጎላው ጣሳው ባዶ ሊሆን ሲቃረብ ነው።

የዚህ መዋዠቅ መጠን በስሌት ይታወቃል፤ የጠብታዎቹ ብዛት ዳግም ዘር ነው። ነጠላው ላይ ያለ አንድ ጣሳ 10,000 ጠብታ ቢይዝ መዋዠቁ 100 ነው፤ ከመቶ አንድ፣ ዓይን አያየውም። ጥላ ውስጥ ያለው ፊት 400 ቢይዝ መዋዠቁ 20 ነው፤ ከመቶ አምስት። ከረከቦቱ በታች 25 ጠብታ ብቻ ቢደርስ መዋዠቁ 5 ይሆናል፤ ከመቶ ሃያ። Shadows የሚለውን ስናነሳው ኮምፒውተሩ አዲስ ብርሃን አያመጣም፤ ያለውን ያባዛል። 400ው በስምንት ቢባዛ 3,200 ይሆናል፤ መዋዠቁም አብሮ ተባዝቶ 160 ይሆናል፤ አሁንም ከመቶ አምስት ነው። ከመጀመሪያው 3,200 ጠብታ የያዘ ጣሳ ቢሆን ኖሮ ግን መዋዠቁ 57 ገደማ፣ ከመቶ ሁለት በታች ነበር። ማንሸራተቻው ኖይዝ አይፈጥርም፤ ጨለማ የሸፈነውን አውጥቶ ያሳያል። እህቴ ከረከቦቱ በታች ያየችው ነጠብጣብ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር።

እንግዲህ የፎቶው ሁለት ጫፎች በአንድ እጅ አይያዙም። የተቃጠለው ነጭ ግድግዳ አለው፤ ከግድግዳው ወዲያ ምንም የለም። ጨለማው ግን ይዘቱ አለ፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ግን ይቆሽሻል። ነጩ ጋ የሚጠየቀው «ግድግዳው የት ነው?» ሲሆን፣ ጨለማው ጋ የሚጠየቀው «እስከ ምን ድረስ ላንሳው?» ነው።

ከነጩ ጀመርን። የእህቴ ካሜራ በአንድ መጫን ሁለት ፋይል ያስቀምጣል፤ ጄፔግና ሮው። ሮው የጣሳዎቹን ልኬት እንዳለ የያዘ ፋይል ነው፤ በእሷ ካሜራ እያንዳንዱ ልኬት ከ0 እስከ 16,383 ባለ ቁጥር ይጻፋል። ጄፔግ ግን ካሜራው ራሱ አብስሎ ያቀረበው ነው፤ ከ0 እስከ 255 ብቻ ይቆጥራል፤ ያላስፈለገው የመሰለውንም ጥሏል። እህቴ ስታስተካክል የነበረው ጄፔጉን ነው። የነጠላው ትከሻ እዚያ ላይ በሦስቱም ቀለም 255 ነው። 255ን ወደ 220 ብናወርደው እጥፋት አይወጣም፤ ወጥ የሆነ ግራጫ ነው የሚሆነው። ያደፈ የመሰለው ለዚህ ነው።

ሮውን ስንከፍት ነገሩ ተለወጠ። እዚህ ላይ አንድ ቁምነገር አለ። ጣሳዎቹ ክዳን አላቸው፤ አንዱ ቀይ ብርሃን ብቻ ያሳልፋል፣ አንዱ ሰማያዊ፣ ሁለቱ አረንጓዴ፤ በየአራቱ እንዲህ እየተደጋገመ ይሄዳል። የኮዳኩ መሐንዲስ ብራይስ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1976 ፓተንት ያገኘበት ይህ አደራደር ዛሬም አብዛኛው ካሜራ ውስጥ አለ። በቀን ብርሃን አረንጓዴዎቹ ጣሳዎች ከሌሎቹ ቀድመው ይሞላሉ፤ ቀዩ ብዙ ጊዜ የእነሱን ግማሽ ያህል ነው የሚይዘው። ስለዚህ ነጭ ነገር ላይ አረንጓዴው ፈስሶ ቀዩና ሰማያዊው ገና ቦታ የቀራቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

በቁጥር እንየው። የትከሻው አንድ ቦታ ላይ አረንጓዴው 16,383 ላይ ቆሟል እንበል፤ ሞልቷል። ቀዩ 9,100፣ ሰማያዊው 12,100 ነው። ፕሮግራሙ ነጭን ነጭ ለማድረግ ቀዩን በሁለት፣ ሰማያዊውን በአንድ ተኩል ያባዛል፤ ሁለቱም 18,200 አካባቢ ይደርሳሉ። አረንጓዴው ግን 16,383 ላይ ቀርቷል። አረንጓዴ የጎደለው ነጭ ሮዝ ይሆናል፤ አንዳንድ ፕሮግራም ላይ የተቃጠለ ደመና ወይም ነጭ ልብስ ሮዝ የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው። ጥሩ ፕሮግራም ግን ሁለቱን ሕያው ቀለሞች አይቶ፣ አጠገቡ ያለው ጥጥ ነጭ መሆኑን አይቶ፣ አረንጓዴውም ሳይፈስ ቢለካ 18,200 ይሆን ነበር ብሎ ይሞላዋል። ይህ ከባዶ የተነሳ ግምት አይደለም፤ እጥፋቱ በቀዩና በሰማያዊው ውስጥ ተጽፎ ቆይቷል። አረንጓዴው ሞልቶ ቀዩ እስኪሞላ ድረስ ያለው ርቀት አንድ ስቶፕ ያህል ነው። ስቶፕ ብርሃን በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ያለው አንድ እርምጃ ነው። በቀን ብርሃን ከተቃጠለ ነጭ የማገኘውም በአብዛኛው ያችኑ አንድ እርምጃ ነው። በቢጫ አምፖል ብርሃን ቀዩ ስለሚበዛ ስሌቱ ይለወጣል።

የእናታችን ትከሻ ላይ ሁለቱም ዓይነት ቦታ ነበረ። ከአንገቷ ወደ ክንዷ ያለው አረንጓዴው ብቻ የሞላበት ስለነበር እጥፋቱ ተመልሶ መጣ፤ የጥበቡ ጠርዝ ቀለምም ታየ። መስኮቱን በቀጥታ የሚያየው የትከሻዋ ጫፍ፣ አውራ ጣት የምታህል ስፍራ፣ ሦስቱም ቀለም ሞልተው የፈሰሱበት ነው። እዚያ የሚመለስ ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ቦታ ነጭ ሆኖ እንዲቀር መተው እመርጣለሁ። ነጭ ነጠላ ፀሐይ ሲመታው ዓይናችንንም ያጥበረብረዋል፤ ማንም አይገረምም። ግራጫ የሆነ ነጠላ ግን ወዲያው ያስታውቃል።

ግድግዳውን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። የሠራነው በላይትሩም ነው፤ በነፃ የሚገኘው ዳርክቴብልም ማዘዣዎቹ ስማቸው ይለይ እንጂ ይህንኑ ይሠራል። ላይትሩም ውስጥ J ስንጫን የሞላው ቦታ በቀይ፣ ጭልጥ ያለው ጥቁር በሰማያዊ ይቀባል። Highlights ወደ ግራ ሲሄድ ቀዩ ሽፋን እየሳሳ ይሄዳል። አልጠፋ ያለው ቁራጭ ላይ ሲደረስ ማቆም ነው፤ ከዚያ ወዲያ መጎተት የሚያደርገው ጤነኛውን ነጭ ማደብዘዝ ነው። በእኛ ፎቶ ቁጥሩ -65 ላይ አቆምነው። ከዚያ Alt ተጭነን Whites የሚለውን ቀስ ብለን ወደ ቀኝ ወሰድነው፤ ስክሪኑ ጠቁሮ፣ የሞሉት ቦታዎች ብቻ ብልጭ ሲሉ ጥቂት መለስ አደረግነው። ነጠላው ነጭነቱን ያገኘው በዚህ ነው። Highlights ብቻውን ሲወርድ ምስሉን ያጠወልጋል፤ Whites ጫፉን መልሶ ያበራለታል።

ወደ ፊቷ ስንመጣ እህቴን የጠየቅኋት «ለመሆኑ የትኛው ጨለማ ነው የሚያስፈልግሽ?» ብዬ ነው። የምትፈልገው የእናታችንን ፊትና ስኒዎቹን ነው። ከረከቦቱ በታች ያለውን ወለል ማንም አይፈልገውም። Shadows እስከ መጨረሻው ሲነሳ ግን ከመቶ አምስት የሚዋዥቀውን ፊትና ከመቶ ሃያ የሚዋዥቀውን ወለል በእኩል ዓይን ያያቸዋል፤ እንዲያውም ይበልጥ የሚያነሳው ይበልጥ የጨለመውን ነው። ከዚያም ፊቷ ላይ ያለው የራሱ ብርሃንና ጥላ፣ የጉንጭዋ ጎላ ማለትና የዓይኗ ጎድጎድ ማለት፣ ይቀራረብና ገጽታዋ አመድ ይመስላል። ጠይም ገጽ ላይ ይህ ቶሎ ይታያል፤ ምክንያቱም የጠይም ቆዳ ውበት ያለው ጥቁሩ ሳይገረጣ ብርሃኑ ሲያንፀባርቅበት ነው።

ስለዚህ ማንሳቱን በሦስት ከፈልነው። በመጀመሪያ Exposure በግማሽ ስቶፕ፣ +0.50፣ ጨመርን፤ ይህ ሁሉንም በእኩል ስለሚያባዛ የፊቷን ቅርጽ አይነካም፤ ነጩን Highlights ይዞልናል። ከዚያ Shadows +30 ብቻ። በመጨረሻ ፊቷንና እጇን በብሩሽ ቀብተን፣ የብሩሹን ጠርዝ በጣም አለስልሰን፣ በተቀባው ቦታ ላይ ብቻ Exposure +0.70 ሰጠነው። ጠርዙ ካልለሰለሰ በሻሿ ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ይወጣል፤ ከሩቅ ስናየው ቅዱሳን ሥዕል ላይ እንዳለው አክሊል ከመሰለ አልፈናል ማለት ነው። ወለሉን በተቃራኒው አወረድነው፤ Blacks -15። የቆሸሸው ጨለማ ወደ ጥቁር ሲሰምጥ ነጠብጣቡ አብሮ ይሰምጣል፤ ጥቁር ያለው ፎቶ ደግሞ ጠፍጣፋ አይመስልም።

ከዚህ በኋላ ኖይዙን ማጽዳት ነው። ኖይዝ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የቀለም ነው፤ ሐምራዊና አረንጓዴ ነጠብጣብ። ዓይን ይህን አጥብቆ ይጠላዋል፤ ደግነቱ የቆዳ ቀለም በአንድ ስፍራ ላይ ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ የቀለሙን ልዩነት ብናለሰልሰው የሚጠፋ ዝርዝር ጥቂት ነው። ላይትሩም ሮው ሲከፍት Color የሚለውን 25 ላይ አድርጎ ይጀምራል፤ እኛ ወደ 40 አደረስነው። ሁለተኛው የብሩህነት ኖይዝ ነው፤ ጥቁርና ነጭ አሸዋ። ይህን ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት መሞከር የቅንድብን ፀጉርና የግንባርን መስመር አብሮ ያጠፋል፤ ፊቱ ሰም የተቀባ ይመስላል። Luminance 15 ላይ አቆምነው፤ ጥቂት አሸዋ ቀረ፤ ይቅር። የድሮ ፊልም ላይም ነበረ፤ ፊትን ፊት አስመስሎ ነው የሚያቆየው።

የሚረሳ ነገር ማሾል ነው። Sharpening የተባለው ጠርዝ ፈልጎ ያጎላል፤ የአሸዋ ፍሬም ለእሱ ጠርዝ ናት። ላይትሩም ሮው ሲከፍት 40 ያህል ማሾል አስቀድሞ ስላለ፣ ሰው ኖይዙን በአንድ እጁ እያጸዳ በሌላው እያሾለው ይውላል። መድኃኒቱ ከሥሩ ያለው Masking ነው። Alt ተጭነን ስናንሸራትተው የሚሾለው ቦታ ነጭ፣ የሚታለፈው ጥቁር ሆኖ ይታያል። የዓይኗ፣ የስኒዎቹና የነጠላው ጠርዝ ብቻ ነጭ ሆኖ ሲቀር ቁጥሩ 70 ነበር።

«አሁንም ትንሽ የተኛ ነው» አለች እህቴ። ልክ ናት። ብርሃኑን ስናወርድና ጥላውን ስናነሳ ሁለቱን አቀራርበናል፤ የተቀራረበ ነገር መተኛቱ አይቀርም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ Clarity ወይም Dehaze በሙሉ ፎቶው ላይ ይጭናል፤ ያኔ ያጸዳነው አሸዋ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ምክንያቱም እነዚህ የሚያጎሉት ጎረቤታሞች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ንፅፅር መጨመር ያለበት ጠብታ የሞላበት ቦታ ላይ ነው። ነጠላውን ለብቻው በብሩሽ ቀብተን Clarity +25 ሰጠነው። በየጣሳው 10,000 ጠብታ ያለበት ቦታ ነው፤ ምንም አሸዋ አልወጣም፤ እጥፋቱ ግን እንደገና እጥፋት ሆነ። ፊቷን አልነካነውም። የሚገርመው አንዱ ክፍል ሲነሳ ፎቶው በሙሉ የተነሳ መምሰሉ ነው።

ሥራውን ስንፈትሽ አስፋፍተን ሙሉ መጠኑ ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ ኖይዙን በዚያ ላይ መፍረድ ግን ትክክል አይደለም። ፎቶው 6,000 ፒክስል ወርድ አለው። ወደ 2,000 ፒክስል አሳንሰን ስንልከው ዘጠኝ ጣሳ በአንድ ጣሳ ይገለበጣል፤ መዋዠቁም ወደ ሲሶ ይወርዳል። ፊቷ ላይ ከመቶ አምስት የነበረው ከሁለት በታች ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚወጣበትን መጠን መወሰን፣ በዚያ መጠን ማየት፣ ከዚያ የሚያስጨንቅ አሸዋ ካለ ብቻ ማጽዳቱን መጨመር ነው። ግድግዳ ላይ በትልቁ ለሚታተም ፎቶ ግን ይህ እረፍት የለም።

ሮው ለሌለው ሰውስ? ጄፔግ ብቻ ካለ ጥላውን ከአንድ ስቶፕ በላይ አላነሳም። ጄፔግ ምስሉን በስምንት በስምንት ፒክስል አራት ማዕዘን እየከፈለ ስለሚያሽገው፣ ጥላው አብዝቶ ሲነሳ ከአሸዋው በፊት የእነዚህ ካሬዎች ጠርዝ ብቅ ይላል፤ ያንን ማጽዳት ከባድ ነው። ነጩን ደግሞ 255 ላይ ካለ እተወዋለሁ፤ ሊሞላ የተቃረበውን ጥቂት አወርዳለሁ። አሁን አሁን ብዙ ስልኮች ሮው የማስቀመጥ ምርጫ አላቸው፤ የፋይሉ ስም በ.dng ያበቃል።

ባለፈው እሑድ እህቴ ቦታውን ሳትቀይር እንደገና አነሳቻት። በካሜራው ስክሪን ላይ የተቃጠለውን የሚያብለጨልጭ ማስጠንቀቂያ ከፈተች፤ አይ.ኤስ.ኦ.ውን 200 ላይ ተወች። አንድ አነሳችና ነጠላው ብልጭ ብልጭ አለ፤ በሲሶ ስቶፕ እየቀነሰች ሁለት ጊዜ ስታነሳ መስኮቱ ብቻ ሲቀር ቆመች። ስክሪኑ የሚያሳየው ጄፔጉን ስለሆነ ሮው ውስጥ ከዚያም በላይ ትንሽ ቦታ ይኖራል። ብርሃኑን በዚህ መጠን ስትቀንስ የእናታችን ፊት ይበልጥ ሊጨልም ነበር፤ እናታችን ግን «ምነው ጨለማ ነው የምትይው? ጋቢውን እዚያ ስቀይው» አለች። ነጩን ጋቢ ከመስኮቱ ትይዩ፣ ከእናታችን በስተቀኝ፣ ሁለት ወንበር ላይ ዘረጋነው። የመስኮቱ ብርሃን ጋቢውን መትቶ ወደ ፊቷ ተመለሰ፤ አንድ ስቶፕ ያህል ጨመረላት፤ የቀነሰችውን ሁለት ሲሶ አካክሶ የተረፈ ነበር። ጥላውን የሚያነሳ ብርሃን በእውነት ወደ ጣሳዎቹ ሲገባ ኖይዙም በእውነት ይቀንሳል።

ኮምፒውተሩ ላይ Highlights -30፣ Shadows +15 በቃው። የትከሻዋ ጫፍ ላይ ሳይቀር እጥፋት አለ። ከረከቦቱ በታች አሁንም ጨለማ ነው፤ አልነካነውም።